መሃሉ ከየት መጣ? በሁለት አብሶሉት ቫልዩ የተነሳ ክርክር

ሰሞኑን የሰሜን ሸዋ ልጆች በሚሰባሰቡበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ የሒሳብ ጥያቄ ወጥቶ ነበር። ክሩ አሁን 23 ምላሽ ደርሷል። አብዛኛው ስለ ሒሳቡ ነው። የቀረው ስለ ጣርማ በር ጭጋግ፣ ስለ ታሪፍ እና ማን ማንን አንቺ አለ በሚል ጭቅጭቅ አልቋል። እኔ ዳር ሆኜ ነው የተከታተልኩት። የተባባሉትን በራሴ አነጋገር ላውራችሁ።

ጠያቂዋ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነው። የከበዳት ይሄ ነው፦

|x − 1| + |x + 4| ≤ 9

እንደተማረችው በሦስት ኬዝ ከፍላ ሠርታዋለች። ከ1 በስተቀኝ 2x + 3 ≤ 9 መጣላት፤ ስለዚህ x ከ3 አይበልጥም። ከ−4 በስተግራ −2x − 3 ≤ 9 መጣላት፤ x ከ−6 አያንስም። በ−4 እና በ1 መካከል ግን x ተጣፍቶ 5 ≤ 9 ብቻ ቀረ። x ከሌለ መልስም የለም ብላ መሃሉን ጣለችው። መልሷ ሁለት ቁራጭ ሆነ፤ አንዱ ከ−6 እስከ −4፣ ሌላው ከ1 እስከ 3። የመልስ ወረቀቱ ደግሞ ከ−6 እስከ 3 ድፍን ነው ይላል። ጥያቄዋ አጭር ናት። መሃሉ ከየት መጣ?

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነው። እኅቴ ብሎ ጀመረና ስህተቷ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ መሆኑን ነገራት። x ሲጠፋ የቀረውን ማንበብ ነው እንጂ መጣል አይደለም አላት። 5 ≤ 9 እውነት ነው። እውነት ከሆነ በዚያ መሃል ያለ ቁጥር ሁሉ መልስ ነው። የቀረው 5 ≤ 3 ቢሆን ኖሮ ውሸት ነውና መሃሉ በሙሉ ይወድቅ ነበር። ከዚያ 0ን አስገብታ እንድታየው ነገራት። 1 እና 4 ይሆናል፣ ድምሩ 5። ከ9 በታች ነው። ታዲያ 0 በምን ጥፋቱ ከመልሱ ይወጣል?

እኔ ክሩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። በ2ኛው ምላሽ ጠያቂዋ ራሷ ተመለሰች። አመሰገነች፣ ግን አልረካችም። ሕጉን ይዣለሁ፣ x ለምን እንደጠፋ ግን አልገባኝም አለች። ቀኝና ግራ ላይ ያለ x መሃል ሲደርስ ምን ዋጠው? ልጅቷ ብልህ ናት። ክሩን ያስረዘመው ይህ ጥያቄዋ ነው።

3ኛው ምላሽ ከደብረ ሲና ነው። ጸሐፊዋ መምህርት መሆናቸውን ያወቅነው በኋላ ነው። ኬዙን ለጊዜው አስቀምጪው አሏት። |x − 1| ማለት x ከ1 ምን ያህል ይርቃል ማለት ነው። |x + 4| ደግሞ x ከ−4 ምን ያህል ይርቃል ነው፤ ምክንያቱም x + 4 እና x − (−4) አንድ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው በአማርኛ ሲነበብ፣ ከ1 እና ከ−4 ያለኝ ርቀት ቢደመር ከ9 የማይበልጠው የት የት ብቆም ነው የሚል ይሆናል።

ከዚያ የደሴን መንገድ አመጡ። ከአዲስ አበባ ሲቆጠር ደብረ ብርሃን 130ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ደብረ ሲና 190ኛው ግድም ላይ ናት። በመካከላቸው 60 ኪሎ ሜትር አለ። አሁን አንድ ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል የትም ይቁም። ከደብረ ብርሃን 20 ቢርቅ ከደብረ ሲና 40 ይርቃል። 10 ወደፊት ቢሄድ 30 እና 30 ይሆናል። ከአንዱ የራቀውን ያህል ወደ ሌላው ይቀርባል። ድምሩ ሁልጊዜ 60 ነው። x የጠፋው ለዚህ ነው አሉ። መሃል ላይ የት መቆምህ ለድምሩ ለውጥ አያመጣም፤ ስለዚህ ስሌቱ x የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

ከሁለቱ ከተሞች ውጪ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደብረ ሲናን አልፎ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ከሁለቱም አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ራቀ። ድምሩ በ2 አደገ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ፣ በቻቻ በኩል ቢወጣም ያው ነው። እንግዲህ ድምሩ ከ80 አይብለጥ ቢባል፣ 60ው መሃሉን መሸፈኛ ነው፣ 20 ትርፍ አለን። ከውጪ እያንዳንዷ ኪሎ ሜትር 2 ስለምትበላ በየወገኑ 10 ብቻ መውጣት ይቻላል። መልሱ ከ120 እስከ 200 ሆነ።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ሲመለሱ ሁለት መስመር በቃቸው። በ−4 እና በ1 መካከል 5 አለ። የተፈቀደው 9 ነው፤ ትርፉ 4፣ ግማሹ 2። ከ−4 ሁለት ወደ ግራ −6፣ ከ1 ሁለት ወደ ቀኝ 3። አለቀ። የተፈቀደው 4 ቢሆን ኖሮስ? 5 ኪሎ ሜትር ያለውን መሃል በ4 መሸፈን አይቻልም። መልስ የለም። ልክ 5 ቢሆን ደግሞ መሃሉ ከነጫፎቹ ብቻ ይሆናል።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ በተማሪነቴ ይህን በሦስት ኬዝ ገጽ ሙሉ እጽፍ ነበር። ማንም መንገድ ነው ብሎ አልነገረኝም።

4ኛው ምላሽ በዚሁ ዘዴ ሞክሬ ከ−2 እስከ 7 መጣልኝ፣ የመልስ ወረቀቱ ነው የተሳሳተው አለ። በጣም እርግጠኛ ነበር። 5ኛው መላሽ ሳይቆጣ ስህተቱን አገኘለት። x + 4ን አይቶ ምልክቱን +4 ላይ ተክሏል። በ1 እና በ4 መካከል 3 አለ፣ ትርፉ 6፣ ግማሹ 3፤ −2 እና 7 የመጡት ከዚያ ነው። አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ ጨመረለት። ጫፉን አስገባ፤ ጫፍ ላይ ድምሩ ልክ 9 መምጣት አለበት አለው። 7ን ቢያስገባ 6 እና 11፣ ድምሩ 17 ነው። −6ን ቢያስገባ 7 እና 2፣ 9 ነው። 3ን ቢያስገባ 2 እና 7፣ 9 ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ድምፁ አልተሰማም።

አሁን ጨዋታው የሚሞቅበት ደረሰ። 6ኛው ምላሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ከሚል ልጅ ነው። ይሄ ሁሉ መንገድ ለመንገድ መንከራተት ምን ያደርጋል አለ። ውስጥ ውስጡን ደምሩት። x − 1 እና x + 4 ሲደመሩ 2x + 3። |2x + 3| ≤ 9 በሉ። −12 ≤ 2x ≤ 6። ስለዚህ ከ−6 እስከ 3። አንድ መስመር። አንቺ መምህር መሳይ ነገሩን አታወሳስቢው ብሎ ጨረሰ። መልሱ ልክ መጣ። 7ኛው መላሽ በሌላ ሁለት ጥያቄ ሞክሬ ሠራልኝ ብሎ አጨበጨበለት።

8ኛው ምላሽ ቁጡ ነው። ሁለት አብሶሉት ቫልዩ እንዲህ ተደምሮ አንድ አይሆንም አለ። x 0 ሲሆን የእኛው ድምር 5 ነው፣ የአንተ |2x + 3| ደግሞ 3 ነው፤ እኩል ያልሆኑ ነገሮችን እኩል ናቸው እያልክ ልጅቷን አታሳስት። ልጁም አልተበገረም። በ9ኛው ላይ መልሱ ልክ መጥቷል፣ ልክ የመጣን መልስ ስህተት የሚል ቅናት ነው ሲል መለሰ። ስሜቱ ይገባኛል። ወረቀት ላይ ልክ የመጣ ነገር ስህተት ነው ሲባል ማንም ይናደዳል።

እዚህ ላይ መምህርቷ ተመለሱ፤ 10ኛው ምላሽ ነው። ከክሩ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህን ነው። ልጁን አልሰደቡትም። መልስህ ልክ ነው፣ መንገድህ ግን ግማሹ ነው ልክ አሉት። |2x + 3| ምንድን ነው? የ−1.5 ርቀት እጥፍ ነው። −1.5 ደግሞ የ−4 እና የ1 እኩሌታ ነው። ከሁለቱ ነጥቦች ውጪ ስትቆም የሁለቱ ርቀት ድምር፣ ከመሃል ነጥቡ ያለህ ርቀት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ውጪ ላይ የአንተ ድምር ከእኛው ጋር አንድ ነው። ውስጥ ላይ ግን የእኛው 5 ላይ ቆሞ ይቀራል፣ የአንተው ወደ መሃል ሲቃረብ እስከ 0 ይወርዳል። የተፈቀደው 9 ስለሆነ ውስጡ በእኛም በአንተም ያልፋል፤ ልዩነቱ ተደበቀ። ዕድል ረዳህ።

ከዚያ ≤ 9ን በ≤ 4 ቀይረው ሰጡት። በልጁ መንገድ |2x + 3| ≤ 4 ከ−3.5 እስከ 0.5 ያመጣል። 0 እዚያ ውስጥ አለ። 0ን ስናስገባ ድምሩ 5 ነው፣ ከ4 ይበልጣል። በመንገዱ ሲታይ 5 ርዝመት ያለውን በ4 ልትሸፍን ነው። መልስ የለውም። ምልክቱ ዞሮ > 4 ቢሆንም ጉዱ ይታያል። ድምሩ የትም ከ5 አያንስምና ሁሉም ቁጥር መልስ ነው፤ የልጁ መንገድ ግን መሃሉን ቆርጦ ያወጣዋል። መደመሩን ከወደድከው፣ መጀመሪያ የተፈቀደው ከመሃሉ ርዝመት እንደማያንስ እይ፤ ከዚያ ደምር አሉት።

11ኛው ምላሽ ሳልጠብቀው ከሾፌር መጣ። አባዱላ ይነዳል፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ሒሳቡን ሳይሆን መንገዱን አይቶ ነው የገባው። ያ መንገድ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም አለ። ጣርማ በር ላይ ዋሻው አለ፣ ከዋሻው በኋላ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ይጠመዘዛል። ጭጋግ ሲወርድ የፊት መኪናህን መብራት እንኳ አታይም። ደግሞ ታሪፍ ላይ ርቀቱን ማን እንደሚቆጥር አላውቅም ብሎ ምሬቱን ዘረገፈው። 12 እና 13 ስለ ጭጋግና ስለ ታሪፍ ናቸው። ልዝለላቸው።

14ኛው መላሽ ግን የሾፌሩን ነገር ከቁም ነገር ቆጠረው፤ ደግ አደረገ። መንገዱ መጠምዘዙ ምንም አይደለም አለ። በመኪናህ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እስከተቆጠረ ድረስ ቀጥ እንዳለ ገመድ ነው። ችግር የሚመጣው መንገዱ ሲገነጠል ነው። አንኮበር ያለ ሰው ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል፣ በዚያው በኩል ደብረ ሲና ልሂድ ቢል 100 ነው፤ ድምሩ 140። ይህ ሰው በደሴ መንገድ ላይ የትም የለም። የቁጥር መስመር ግንጣይ የለውም። ምሳሌውን እስከዚህ ድረስ ብቻ ውሰዱት አለ። ሾፌሩ አሁን ገባኝ አለና ራሱ ምሳሌ ጨመረ። መንገድ ላይ ሆኖ ደብረ ብርሃን ያለ ተሳፋሪም ደብረ ሲና ያለ ተሳፋሪም ስንት ቀረህ ብለው ቢደውሉ፣ ለአንዱ 25 ካለ ለሌላው 35 ነው የሚለው። ይሄን ሳላውቀው ስደምረው ነው የኖርኩት አለ። ይህ 15ኛው ነው።

16ኛው መላሽ ጥያቄውን አላነበበም። ወደየትኛው ከተማ ልቅረብ የሚል መስሎታል። |x − 130| < |x − 190| ብሎ ጽፎ፣ እኩሌታው 160 ስለሆነ ከ160 በታች ያለ ሁሉ ለደብረ ብርሃን ይቀርባል አለ። ለተጠየቀው መልስ አይደለም። ግን ሥራው ልክ ነው፤ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው። አንዱ አብሶሉት ቫልዩ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ሲሆን ለማን እቀርባለሁ የሚል ጥያቄ ነውና እኩሌታውን ፈልጎ ወገን መምረጥ ነው። የጠያቂዋን ሁለት ነጥቦች ቢወስድ |x + 4| < |x − 1| ከ−1.5 በስተግራ ያለው ሁሉ ነበር። ያ −1.5 እንደገና መጣ፣ አያችሁ? ማንም ይህን አላነሳለትም። ልብ በል፣ ሌላ ጥያቄ ነው ብለው አለፉት።

17ኛው ምላሽ ከዚያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ይህን ጊዜ ቢላ ስሎ ነው የመጣው። የእኔ መንገድ ግማሽ ከሆነ የአንቺም ግማሽ ነው አለ። እስቲ ይህን በመንገድሽ ሥሪው፦

|2x − 6| + |x + 4| ≤ 10

በትርፉ ግማሽ ከተሠራ ይበላሻል ብሎ ራሱ ሠርቶ አሳየ። ነጥቦቹ 3 እና −4፣ መሃሉ 7፣ ትርፉ 3፣ ግማሹ 1.5። ስለዚህ ከ−5.5 እስከ 4.5። −5.5ን ሲያስገባ ግን 17 እና 1.5፣ ድምሩ 18.5 መጣ። ዘዴሽ ሞተ አለ። አባባሉ አያምርም። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። ከ11 ምላሽ በፊት ለምን አልተጠየቀም ያሰኛል።

18ኛው ለሒሳቡ ሳይሆን ለአነጋገሩ ነው የመጣው። ልጄ፣ ሰው አታውቅም እንዴ፣ እሳቸው እኔን ያስተማሩ ናቸው፣ እርስዎ በል አለው። መምህርትነታቸውን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። ኢንተርኔት ላይ ዕድሜ አይታይም አለ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ማለት ጀመረ፤ ጥያቄውን ግን አልተወም።

19ኛው የመምህርቷ መልስ ነው። ዘዴው አልሞተም፣ ግማሹ ነው የሞተው አሉ። |2x − 6| ማለት 2|x − 3| ነው። ከ3 ያለው ርቀት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። 3 ላይ ሁለት ሰው፣ −4 ላይ አንድ ሰው እየጠበቀህ ነው በለው። መጀመሪያ ሁለቱ ሰዎች ጋ፣ 3 ላይ፣ ቁም። ድምሩ 7 ነው፤ 3 ትርፍ አለህ። ወደ ቀኝ ስትሄድ ከሦስቱም ትርቃለህ፤ አንድ እርምጃ 3 ትበላለች። ስለዚህ አንድ እርምጃ ብቻ፣ 4 ላይ ትቆማለህ። ወደ ግራ ስትሄድ ከሁለቱ ትርቃለህ፣ ወደ አንዱ ትቀርባለህ፤ አንድ እርምጃ 1 ትበላለች። ስለዚህ ሦስት እርምጃ፣ 0 ላይ ትቆማለህ። መልሱ ከ0 እስከ 4። ጫፎቹን አስገባ፤ 0 ላይ 6 እና 4፣ 4 ላይ 2 እና 8። ሁለቱም 10።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩበት። መሃሉ ላይ ድምሩ አይለወጥም የሚለው ሕግ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው የሚሠራው። አንዱ ጋ ሁለት ሰው ካለ መሃሉም ተዳፋት ይሆናል፤ x አይጠፋም። ያ ልጅ በክፉ አፉ ባይጠይቅ ይህ ነገር አይነሳም ነበር። ሦስት ወይም አራት አብሶሉት ቫልዩ ሲመጣ፣ ሁሉም የየራሱ ቁጥር ሲኖረው፣ እኔ በበኩሌ ወደ ኬዙ ነው የምመለሰው። መምህርቷ ግን በእርምጃ ዋጋ እቀጥላለሁ ባይ ናቸው። እዚህ አልተስማማንም።

20ኛው ምላሽ የአንድ አባት ነው። ልጃቸው በዚሁ በርቀት ዘዴ መስመር ሥላ መልሱን ልክ አምጥታ፣ ሥራው አልታየም ተብላ ዜሮ እንደተሰጣት ጻፉ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠሩም። አስተያየቱ እዚህ ላይ ተከፈለ። 21ኛው መላሽ መሳል ሥራ አይደለም፣ ለክፍል ፈተና ኬዝ በኬዝ ይጻፍ አለ። የመግቢያ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ እዚያ በርቀት ፈጥነው ይውጡ ሲልም አክሏል። እኔ አልተዋጠልኝም። መሃሉ 5፣ ትርፉ 4፣ ውጪ አንድ እርምጃ 2 ትበላለች ብሎ የጻፈ ልጅ ምክንያቱን ጽፏል። ሥዕሉን ብቻ ትቶ የሄደ ልጅ ላይ ግን አራሚው ምን ያድርግ? ይህ ሳይቋጭ ቀረ።

22ኛው የጠያቂዋ ነው። የመጀመሪያ ስህተቷን በራሷ አፍ ተናገረች። መሃሉን የጣልኩት መንገዱ ላይ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ሰው አይቆምም እንደማለት ነበር አለች። ከዚያ ራሷ አንድ ሠርታ አቀረበች፤ |x − 2| + |x + 6| > 12። መሃሉ 8፣ ትርፉ 4፣ በየወገኑ 2። ድምሩ ከ12 እንዲበልጥ ከዚያ ውጪ መውጣት ነው፤ ከ−8 በስተግራ ወይም ከ4 በስተቀኝ። 4 ላይ 2 እና 10፣ ልክ 12፤ ምልክቱ > ስለሆነ 4 ራሱ አይገባም ብላ ጨመረች። እዚህ ላይ መልሱ በእውነት ሁለት ቁራጭ ነው። ልጁ አውራ ጣት ሰጣት።

23ኛው ሾፌሩ ነው። ማታ፣ ምናልባት ከሥራ ወጥቶ። እስቲ ሸዋ ሮቢትንም ጨምሩ አለ። እሷ 225ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ናት። ከሦስቱም ከተማ ደንበኛ ይደውልለታል። ከሦስቱ ያለው ርቀት ቢደመር ትንሹ እንዲሆን መኪናዬን የት ላቁም ብሎ ጠየቀ። እሱ የገመተው የዳርና ዳሩን እኩሌታ ነው፣ ከ177 አለፍ ብሎ፣ ጣርማ በር አካባቢ። ጭጋግ ውስጥ ልታቆመኝ ነው ወይ ሒሳብህ ብሎ ሳቀ።

እኔ 180ኛው ላይ አቁሜ ስደምር 50፣ 10 እና 45፣ 105 መጣልኝ። ደብረ ሲና ላይ ሳቆመው 60፣ 0 እና 35፣ 95 ሆነ። አምስት ኪሎ ሜትር ወደ ሸዋ ሮቢት ዝቅ ሳደርገው ደግሞ 100። ለሾፌሩ ግን እስካሁን የመለሰለት የለም።